ግልባጭ ያለው ምስጋና

ሞምባሳ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019

ለልጄ ለምጎይ፣

የሄድሽበት አገር ይቅናሽ፤ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴና ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ስልሳ ሁለት ዓመት ተሸክሞኛል፤ ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

ስልክሽን አላነሳሁም ብለሽ እንዳትቀየሚ። በስልክ የተወራ ነገር ወዲያው ይረሳኛል። ወረቀት ግን መነጽሬን አድርጌ ደግሜ አነበዋለሁ። ኪጋሊ ብርድ አለ ይላሉ፤ ሹራብ ገዛሽ? አለቃሽ ሙካንዶሊስ እንዴት ናት? ናይሮቢ አብረን ስንሠለጥን የሰው ወንበር የማትነካ፣ የራሷንም የማታስነካ ሴት ነበረች። እንደሷ ካለ ሰው ጋር መሥራት ይሻላል፤ የምትፈልገው ነገር ግልጽ ነውና።

ያልኩሽን አትርሺ። የመጀመሪያውን ወር አትፍጠኚ፤ አሠራራቸው ከኔ ቢለይም «አክስቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው» አትበያቸው። የናሙና ጡጦ ላይ ስም ስትጽፊ ሆዱ ላይ ጻፊ፤ ክዳን ይለዋወጣል። ይሄን ግን የትም አገር ብትሄጂ አትተዪው።

እኔ እንደምታውቂው ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየዓመቱ የሚታደስ ውል ላይ ነኝ፤ የዘንድሮው ጁን ላይ ያልቃል። ሁለት ዓመት ብቻ ቢጨምሩልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ቤት ቁጭ ብዬ ከማን ጋር አወራለሁ? ከግድግዳው ጋር? አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ካሪሳ ግን ምን እንደምሠራ የሚያውቅ አይመስለኝም። ባለፈው ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «እማማ፣ የወረቀቱ ክፍል ነሽ አይደል?» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዚህን ከተማ ሆቴል ሁሉ ውሃ መርምሬ፣ የወረቀት ክፍል!

ቅዳሜዎቻችን ናፈቁኝ። የበሩ ጥበቃ «ያቺ ምሳ አምጪ የት ጠፋች?» ይለኛል። ተድራ ሄደች አልኩት። የሱን ወሬ አንድ ጊዜ ካልዘጉት አያቆምም።

አክስትሽ ምካዋሲ

*

ኪጋሊ፣ ማርች 4 ቀን 2019

ለተከበሩ ወይዘሮ ምካዋሲ ምዋዚጌ
የውሃ ምርመራ ክፍል ከፍተኛ ባለሙያ
ሞምባሳ

ጉዳዩ፦ ምስጋናን ስለማቅረብ

አክስቴ፣ ርእሱን እንዲህ በቢሮ ወግ ስጽፈው እንደሚስቁ አውቃለሁ። ግን ይሄ ደብዳቤ ሰው ፊት የሚቆም ደብዳቤ እንዲሆን ፈልጌያለሁ። አዲሱን ሥራ ከጀመርኩ ዛሬ ስድስት ሳምንት ሆነኝ፤ የሙከራ ጊዜዬም በጥሩ እየሄደ ነው። እዚህ የደረስኩት በእርስዎ ነው። «አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ ብዘጋው «ለምኑ?» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ለምኑ እንደሆነ ልጻፈው።

ያገኙኝ ዉንዳኒ፣ የአያቴ የአጎት ልጅ ቀብር ላይ ነበር። እኔ ከጓዳ ድስት ሳጥብ፣ እርስዎ ለጉልበትዎ ወንበር ፈልገው ገቡ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ዘሩን ቆጥረን ቆጥረን የእናትዎና የአያቴ አባቶች ወንድማማቾች መሆናቸው ላይ ደረስን። ከዚያ «ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። ቮይ ከተማ ሰባት ዓመት ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ አልኩዎት። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ «ጎበዝ» ብሎ ያልፋል። እርስዎ «ትወጂዋለሽ?» አሉኝ። ድስቱን ይዤ አለቀስኩ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።

ወዲያው ሥራዬን ልልቀቅ ስል የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። «የቅጥር ደብዳቤ በእጅሽ ሳይገባ የምንም መልቀቂያ እንዳትጽፊ» አሉኝ። አራት ገጽ የነበረውን የሥራ ታሪኬን አንድ ገጽ አደረጉት። «ታታሪ ነኝ» የሚለውን ሰርዘው «ይሄን ሰነፍም ይጽፈዋል፤ ይልቅ ሰባት ዓመት የትምህርት ቤቱን ቤተ ሙከራ ያለ አንድ አደጋ አስተዳድሬያለሁ በይ» አሉኝ። እኔ እንደ ሥራ ያልቆጠርኩትን ሥራ ነው ብለው ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

ከዚያ ቅዳሜዎቹ። ከቮይ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ተጉዤ ስመጣ፣ የድርጅቱ ምርመራ ክፍል ውስጥ እጄን ይዘው አስተማሩኝ። የጉድጓድ ውሃ ውስጥ የባሕር ጨው መግባቱን በጠብታ ስንለካ፣ ቢጫው ውሃ ወደ ሸክላ ቀለም ሲዞር ማቆም እንዳለብኝ፣ አንድ ጠብታ ካለፈ ደግሞ ገምቶ መጻፍ ሳይሆን ደፍቶ እንደገና መጀመር እንደሆነ። ከዓርብ ጀምሮ ሙቀት ሳጥን ውስጥ ያደሩትን ሳህኖች አውጥተን ቢጫ የጀርም ነጠብጣቦቹን አብረን እንቆጥር ነበር። እኔ አሥራ አራት ስል እርስዎ አሥራ አምስት ይሉና ያቺን የጠፋችኝን እስካገኛት ዝም ብለው ይቆሙ ነበር።

ለቅጥር ፈተናውም ያዘጋጁኝ እርስዎ ነዎት። «ያልጠበቅሽው ውጤት ብታገኚ ምን ታደርጊያለሽ ይሉሻል፤ የፈለግሽውን ሳይሆን ያየሽውን እጽፋለሁ በያቸው» አሉኝ። ይሄንኑ ጠየቁኝ። በተግባር ፈተናው አንድ ጠብታ አለፈኝ፤ «አልፎኛል፣ እደግመዋለሁ» ብዬ ደፋሁት። ወይዘሮ ሙካንዶሊ በኋላ እንደነገረችኝ የቀጠረችኝ ለዚያ ነው። ለሷ ስለኔ ሲጽፉ ዘመድዎ መሆኔን አስቀድመው ነግረዋት፣ «ዘመድ ስለሆነች አትውሰጃት፤ ፈትነሽ ውሰጃት» እንዳሏትም ነገረችኝ።

የምጠይቅዎት አንድም ነገር የለም። እንዲያውቁት ብቻ ነው። በዚያ ድርጅት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንዳለ ሌሎችም ሊያውቁት ይገባል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን አድርጌያለሁ።

በታላቅ አክብሮት
ምጎይ ማልሻ

ግልባጭ፦
ለሥራ አስኪያጅ ለአቶ ካሪሳ
ለሠራተኞች አስተዳደር ክፍል

*

ሞምባሳ፣ ማርች 20 ቀን 2019

ለልጄ ለምጎይ፣

ደህና ነሽ ወይ? እዚህ ሰማዩ ከብዷል፤ ዝናቡ ግን አልጀመረም። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። አምስት ጊዜ አነበብኩት። እጅሽ ይባረክ፤ ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ግልባጮቹ በእርግጥ ተልከዋል? ወይስ እንዲሁ ለወጉ ከታች የጻፍሻቸው ናቸው? ካልላክሻቸው ተያቸው። ከላክሽም ላክሽ፤ ምን ይደረጋል። ከድርጅቱ አንድ ወረቀት ቢመጣልሽ ግን መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ። ሥራ ላይ ነሽ፤ በዚያ ራስሽን አታድክሚ።

ጉልበቴ ዛሬ ደረጃ እምቢ ብሎኛል። በዚሁ ይብቃኝ።

አክስትሽ ምካዋሲ

*

ኪጋሊ፣ ማርች 29 ቀን 2019

ለተወደዱ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎና ለቤትዎ ይሁን። መልስ ባላገኝም ደብዳቤዬ እንደደረሰ እርግጠኛ ነኝ፤ ለምን ይበሉኝ! ከድርጅትዎ ሠራተኞች አስተዳደር ወረቀት ደረሰኝ። በኢሜይል ነው የላኩት፤ ይሄን ሁሉ ፍጥነት ከየት አመጡት? «የጻፉት የምስጋና ደብዳቤ ተመልክተናል። ሥልጠናው የተሰጠባቸውን ቀናትና የተጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች በዝርዝር ቢገልጹልን» ይላል። አክስቴ፣ እንዲህ የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ መቼም አይጠፋዎትም። የሽልማት ማኅደር ሊከፍቱልዎት ነው። በጁን ውል ሲታደስ ማስረጃ ይሆናል።

ማስታወሻ ደብተሬን ከሻንጣ አውጥቼ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት ቅዳሜ! ከጁን እስከ ዲሴምበር። እያንዳንዱን ቀን፣ የነካሁትን ዕቃ፣ የለካሁትን ውሃ በሠንጠረዥ አድርጌ በዚያው ቀን ላክሁላቸው። አንድም አልዘለልኩም። ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፤ እንዳስተማሩኝ።

እዚህ ጥሩ ነኝ። ሹራብ ገዝቻለሁ። ሙዝ በየዓይነቱ ያበስላሉ፤ እርስዎ የሚሠሩት በኮኮናት ወተት የበሰለ የርግብ አተር ግን የለም። አለቃዬ አትስቅም፤ ዛሬ ግን ጡጦዬን አንስታ «ሆዱ ላይ ነው የጻፍሽው» አለች። ከሷ አፍ ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው ይላሉ።

የውሉን ዜና ቶሎ ይንገሩኝ።

ልጅዎ ምጎይ

*

ኪጋሊ፣ ኤፕሪል 16 ቀን 2019

አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የማርች 20ው ደብዳቤዎ ትላንት ደረሰኝ፤ የት የት ሲዞር እንደከረመ እንጃ። «መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እኮ መልሼ ጨርሻለሁ። ሠንጠረዥ ሠርቼ!

ለምንድን ነው አትቸኩዪ ያሉኝ? ያጠፋሁት ነገር አለ? ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። እባክዎ አንድ መስመር ይጻፉልኝ። «ደህና ነኝ» ብቻ ቢሉም ይበቃኛል።

ምጎይ

*

ኪጋሊ፣ ሜይ 21 ቀን 2019

አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ ለማለትም ፈራሁ። ሁለት ወር ሙሉ ምንም የለም። ቮይ ያለችው እህቴ ሞምባሳ ስትሄድ ቤትዎን አንኳኩታ ነበር፤ ጎረቤትዎ «ዕቃ እያሰረች ነው» ብላ ነገረቻት፤ እርስዎ ግን ወጥተው ነበር። ዕቃ የሚታሰረው ለምንድን ነው?

የሙከራ ጊዜዬን ጨረስኩ። በቋሚነት ተቀጠርኩ። ይሄን ለማን ልናገር? ከእርስዎ በፊት ለሌላ ሰው መናገር ደስ አላለኝም፤ እስካሁን ለእናቴም አልነገርኳት።

ልጅዎ ምጎይ

*

ዉንዳኒ፣ ጁን 24 ቀን 2019

ለልጄ ለምጎይ፣

የፈጣሪ ሰላም አይለይሽ። ይሄን የምጽፍልሽ ከአባቴ ቤት ነው። እዚህ ጉም ነው፤ ከሞምባሳ ሙቀት በኋላ አጥንቴ ግራ ገብቶታል። ቋሚ ሆነሻል፤ እሰይ! ለእናትሽ ንገሪያት። ዛሬ ነገ ሳትይ ንገሪያት።

ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም። ደክሞኝ ነው። ደግሞም ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ስላጣሁ ነው። ብጽፍልሽ ታለቅሻለሽ፤ የሙከራ ጊዜሽም አላለቀም ነበር። ጭንቀት የያዘው እጅ ጠብታ አይቆጥርም። ስለዚህ እስክትጨርሺ ጠበቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርመራ ክፍል ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ያለ ጽሑፍ ፈቃድ አይገባም። ሕጉ ልክ ነው፤ እኔም ያጸደቅሁት ነው፤ ሥር ላይ ፊርማዬ አለበት። የሆቴሎቹ ናሙና እዚያ ነው የሚቀመጠው። ከውጭ መጥተው የሚመዝኑን ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ይገባል?» ብለው ነው። ፈቃድ ብጠይቅ ኖሮ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ዓመት ይፈጅ ነበር፤ አንቺም እስከዚያ ቮይ ላይ ትደርቂ ነበር። ስለዚህ አልጠየቅሁም። በሩ ላይ ባለው መዝገብ በየቅዳሜው በገዛ እጄ «የዘመድ ልጅ፣ ምሳ ይዛ የመጣች» ብዬ ጻፍኩ። ምሳ ይዘሽ መምጣትሽ እውነት ነው፤ ሃያ ስድስት ጊዜ ዓሣ በልቻለሁ። የጻፍኩት ግን ግማሹን ነው። ግማሹን እውነት መጻፍ ምን እንደሆነ አንቺን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ግልባጩ ሲደርሳቸው አቶ ካሪሳ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር አሉ። በኋላ የአስተዳደሯ ሴት «የቱ ቅዳሜ?» ብላ መዝገቡን አስመጣች። ከዚያ ለአንቺ ጻፉ። ያንቺ ሠንጠረዥና የበሩ መዝገብ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ቀኑ ሁሉ ገጠመ። አንድ እንኳ አልሳትሽም። ምን ዓይነት ልጅ ነሽ አንቺ! አየሁትና ከንዴቴ ጋር ኩራትም ያዘኝ።

ሜይ 7 ቀን ኮሚቴ ፊት ቀረብኩ። ሦስት ሰው ናቸው። አቶ ካሪሳ ደብዳቤሽን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። ክስ ብሎ ሌላ ወረቀት አላዘጋጀም፤ ደብዳቤሽ ራሱ ክሱ ሆነ። «በጠብታ መለካት አስተምረሻታል?» አዎ። «ሳህኖቹን አስቆጥረሻታል?» አዎ። «አንድ ጠብታ ካለፈ ደፍታ እንድትጀምር ነግረሻታል? ይሄ የድርጅቱ ኬሚካል ነው፤ ታውቂያለሽ?» አዎ፤ ግን ለሷ የሰጠኋት ጊዜው ያለፈበትን፣ ሊወገድ የተለየውን ነው፤ የማስወገጃው መዝገብ ላይ አለ አልኩት። አስመጥቶ አየ፤ አለ። ወደ ደብዳቤው ተመለሰ። አንድ ሰዓት ተኩል አነበበ። ጉልበቴን ሲያመኝ ወንበር ሰጡኝ።

በመጨረሻ «የምትጨምሪው አለ?» አለኝ። አለ አልኩት። ጡጦ ማጠብም አስተምሬያታለሁ፤ ሦስት ጊዜ በቧንቧ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ፤ እሱን መጻፍ ረስታዋለች አልኩት። ጸሐፊው ሳቁን መያዝ አቃተው። አቶ ካሪሳ ግን ጻፈው።

አላባረሩኝም። ውሉ አይታደስም አሉ፤ በቃ። የመሰናበቻ ሻይ እንኳ አደረጉልኝ፤ በዘይት የተጠበሰው ማንዳዚ ደርቆ ነበር። ይሄው መጣሁ።

አሁን አልቅሰሽ ጨርሺና ሥራሽን ሥሪ።

አክስትሽ ምካዋሲ

*

ኪጋሊ፣ ጁላይ 9 ቀን 2019

ለአክስቴ፣

ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው የከፈትኩት። ወይዘሮ ሙካንዶሊ ጡጦ ከእጄ ተቀብላ «ወጥተሽ ነይ» አለችኝ።

እኔ ነኝ ያስወጣሁዎት። ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የፈለጉት። እኔ ይህን ምኞትዎን አውቄ፣ እንዲሳካልዎት ብዬ፣ በገዛ እጄ ዘጋሁብዎት። ግልባጭ የሚባል ነገር ምን አስፈልጎኝ ነበር? አስተማሪ ሳለሁ ርእሰ መምህሯ «ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ሐሜት ነው» ትለን ነበር። ሰው ጥሩ ሲሠራ አለቃው እንዲያውቅ ይደረጋል ብዬ ነው ያደግሁት። አንድ ጊዜ እንኳ «ላሳውቅልዎት?» ብዬ ልጠይቅዎት ይገባ ነበር። ጠይቄዎት ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

አሁን ለድርጅቱ ልጽፍ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የለመንኳት፤ በር ላይ የተጻፈውንም እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» እላለሁ። ካልሆነም መልቀቂያዬን ጽፌ እመጣለሁ። እርስዎን ከወንበርዎ አስነስቼ እኔ እዚህ ወንበር ላይ እንዴት እቀመጣለሁ?

እርስዎ ከማን ጋር ነው አሁን የሚያወሩት?

ምጎይ

*

ዉንዳኒ፣ ጁላይ 28 ቀን 2019

ለልጄ ለምጎይ፣

እግዜር ልብሽን ያረጋጋው። እኔ ከፍየሎች ጋር ነው የማወራው። ከኮሚቴው ይሻላሉ፤ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ።

አንዲት ነገር እንዳትጽፊ! ያላደረግሽውን አደረግሁ ብለሽ ልትጽፊ ነው? ለዚያ ነው ሃያ ስድስት ቅዳሜ ጠብታ ያስቆጠርኩሽ? መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፤ ያስጻፈኝም የለም። ስለ መልቀቂያሽ ደግሞ ያልኩሽን አልረሳሽም፤ ሌላ የቅጥር ደብዳቤ በእጅሽ አለ? የለም። እንግዲያው አርፈሽ ተቀመጪ። አንቺ ብትለቂ የኔ ድካም ሁለት ጊዜ ተደፋ ማለት ነው።

ተናድጄብሻለሁ፤ አልዋሽሽም። ማርች ውስጥ ከመስኮት አውጥቼ ልወረውርሽ ፈልጌ ነበር። የማውቀውን ወንበር፣ የማውቀውን መስኮት አጥቻለሁ፤ ጠዋት ስነሳ እጄ የነጩን ካፖርት ቁልፍ ይፈልጋል። ይሄ በአንድ ቀን አይወጣም። ግን ከዚህ ሌላ የምነግርሽ አለኝ፤ በጁኑ ደብዳቤ ልጽፈው ፈልጌ እጄ ዝሎ የተውኩት።

ያን ቀን አቶ ካሪሳ ሲያነብ፣ መጀመሪያ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ቀና አልኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቤት ስሠራ አንድም ሰው፣ አንድም ቀን፣ የሠራሁትን ሥራ በስሙ ጠርቶ ሰው ፊት አላነበበውም። ለጡረታዬ የሰጡኝ ወረቀት «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» ነው የሚለው። የምን አስተዋጽኦ? የጥበቃውም ወረቀት ያንኑ ይላል። ያን ቀን ግን ሥራ አስኪያጁ በገዛ አፉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጠብታውን፣ ሳህኑን፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስቱን አነበበ። ሊከሰኝ ነው ያነበበው። እኔ ግን ሲያመሰግነኝ ሰማሁ። «አዎ» ባልኩ ቁጥር ልቤ ደስ ይለው ነበር። ከዚያ ወዲህ የወረቀት ክፍል ነሽ አይለኝም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ኮሚቴው ዋናውን ደብዳቤ ለማኅደር አቅርቢ ብሎኝ አቀረብኩ። መልሱልኝ ብል አይመለስም አሉኝ፤ ማስረጃ ነው። እኔ ጋ የቀረ የለም። ያን ደብዳቤ እንደገና ጻፊልኝ። በእጅሽ ጻፊው። ጡጦ ማጠቡን አትርሺ። ርእስ አያስፈልገውም፤ ከታችም ምንም አትጻፊበት።

አክስትሽ ምካዋሲ

*

ኪጋሊ፣ ኦገስት 14 ቀን 2019

ለአክስቴ ለምካዋሲ፣

በዚያ ጉም ውስጥ ሙቀት አይጣብዎ፤ ጉልበትዎም ይማርልዎ። በሹራብ ፋንታ ይሆን ዘንድ አንድ የሱፍ ጋቢ ከአውቶቡስ ጋር ልኬያለሁ፤ ይሄ ግን ምስጋና አይደለም፣ ብርድ ስለሆነ ነው። ምስጋናው ከዚህ በታች ነው።

ድስት ይዤ ሳለቅስ «ትወጂዋለሽ?» ብለው ስለጠየቁኝ አመሰግንዎታለሁ። መልሱን እስካውቀው ስለጠበቁኝም።

መልቀቂያዬን ሁለት ጊዜ ስለከለከሉኝ አመሰግንዎታለሁ። ሁለተኛው ባለፈው ወር ነው።

«ታታሪ ነኝ» የሚለውን ስለሰረዙልኝ፣ እኔ ያላየሁትን ሥራዬን ሥራ ነው ብለው ስላሳዩኝ። ቢጫው ወደ ሸክላ ሲዞር እንዳቆም፣ ካለፈኝ እንድደፋ ስላስተማሩኝ። አሥራ አምስተኛዋን ነጠብጣብ እስካገኛት ድረስ ዝም ብለው ስለቆሙ። ጡጦ ሦስት ጊዜ በቧንቧ፣ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ ስለማጠብ፤ ይሄን በየቀኑ ስለማደርገው እንደ ትምህርት አልቆጠርኩትም ነበር፤ ለዚህ ነው የረሳሁት። ስሙን ክዳን ላይ ሳይሆን ሆዱ ላይ ስለመጻፍ።

ለሙካንዶሊ «ፈትነሽ ውሰጃት» ስላሉልኝ አመሰግንዎታለሁ። የሙከራ ጊዜዬ እስኪያልቅ ያንን ሁሉ ለብቻዎ ስለተሸከሙት፣ እሱን እንዴት እንደማመሰግን አላውቅበትም። ጽፌ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። እንዲሁ ይወቁልኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎት። እዚህ ባንክ የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ እንደ ያኔዋ እኔ ሥራዋ የሚያንቃት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራችንን ልታይ ፈለገች። መጀመሪያ ለወይዘሮ ሙካንዶሊ በጽሑፍ አመለከትኩ። ወረቀቱ አራት ሳምንት ዞረ፤ ተቆጣሁ፣ ደከመኝ፣ ልተወው አልኩ፤ ባለፈው ዓርብ ተፈርሞ መጣ። በማግስቱ ቅዳሜ የበሩ መዝገብ ላይ «ልትማር የመጣች» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው እርስዎን አሰብኩ፤ አፈርኩም፣ ደስም አለኝ።

ይሄን ደብዳቤ ማንም አላየውም፤ ለማንም አልተላከም። አንድ ብቻ ነው፤ የእርስዎ ነው።

ልጅዎ ምጎይ